የመገጣጠሚያ መመሪያ ስትተረጉሙ ሁኔታውን ከትእዛዙ አስቀድሙ

ከደሴ ሆናችሁ ኮምቦልቻ ላለ ዘመድ የአልጋ መገጣጠሚያ መመሪያ ተርጉማችሁ በቴሌግራም ስትልኩ፣ ስህተቱ የሚበዛው ቃሉ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ትእዛዙን ያስቀድምና ሁኔታውን ያስከትላል፦ «8ቱን ብሎኖች አጥብቅ፣ 4ቱም እግሮች ከገቡ በኋላ»። መፍቻ የያዘ ሰው «አጥብቅ» የሚለውን እንዳየ ማጥበቅ ይጀምራል። አንዱ እግር ቀድሞ ከጠበቀ ደግሞ የሌሎቹ ቀዳዳዎች ላይገጥሙ ይችላሉ።

ስለዚህ እንዲህ ጻፉት፦ «ደረጃ 4፦ 4ቱም እግሮች እስኪገቡ ብሎኖቹን በእጅ ብቻ አስገባ። ከዚያ 8ቱንም በመፍቻ አጥብቅ።» አማርኛም ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያኖር አይከብድም። ማስጠንቀቂያም ካለ ከደረጃው በፊት ይግባ፤ ከሥራው በኋላ የሚነበብ «ተጠንቀቅ» ምን ያደርጋል?

ደረጃ 4ን ለሁለት ከከፈላችሁት 4ሀ እና 4ለ በሉት እንጂ 5 አትበሉት፤ ሥዕሎቹ የሚጠሩት በዋናው ቁጥር ነው። የብሎኑን መለያም ወረቀቱ ላይ እንዳለ ገልብጡ።

የጋዝ ምድጃ ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከሆነ ግን ትርጉሙን ብቻ አትላኩ፤ የዋናውን ገጽ ፎቶ ጨምሩና ገጠማውን ለባለሙያ ተዉት።