ፖስቱን አይተውት ያልፋሉ፣ አይከፍቱትም፦ የመጀመሪያው መስመር ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ ይሄ ነው። ፖስቱ ደርሷል፣ ላይክም አለው። ግን ኮሜንት ላይ የሚጠየቀው እዚያው ጽሑፉ ውስጥ ያለው ነገር ነው። «ስንት ነው?» «የት ናችሁ?» እንዲህ ካያችሁ ሰው See more የምትለዋን አልነካትም። ከመቆረጡ በፊት የታየው መስመር ምንም አልነገረውም።

ሰላምታው ቦታውን በልቶታል

ከአሥር ዘጠኙ ይሄ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ደብረ ማርቆስ ከተማ ጤፍ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ፖስታቸው ሁሉ እንዲህ ይጀምራል፦

«ሰላም ለእናንተ ይሁን ውድ የገጻችን ቤተሰቦች፣ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እንደሚታወቀው ድርጅታችን ለረጅም ጊዜ ጥራት ያላቸውን ምርቶች...»

ጤፍ የሚለው ቃል ገና አልመጣም! ፌስቡክ ጥቂት መስመር አሳይቶ ይቆርጣል። ስንት ቃል እንደሚያሳይ የስልኩ ስፋትና ሰውየው የመረጠው የፊደል መጠን ይወስነዋል፣ ስለዚህ ቁጥር አትሸምድዱ። ቴሌግራም ሌላ ነው። ቻናሉ ከተከፈተ ጽሑፉ ሙሉውን ይታያል፤ ጣጣው ያለው ቻናሎቹ በተደረደሩበት ዝርዝርና በማሳወቂያው ላይ ነው። እዚያ ከስሙ ሥር የምትታየው አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ናት። የጋሼ ፖስት እዚያ ሲታይ «ሰላም ለእናንተ ይሁን ውድ የገጻችን ቤተ...» ነው። የትናንቱም ያው፣ የነገውም ያው። አዲስ ነገር መግባቱን ሰው በምን ይወቅ?

ሰላምታውን እናንሳው ስላቸው ተቆጡ። «ልጄ፣ ሰው ሰላም ሳይባል ወደ ገበያ ይገባል እንዴ? ባለጌ ልታሰኘኝ ነው?» እውነታቸውን ነው፣ በጎጃም ነውር ነው። «አናጠፋውም ጋሼ፣ ከስልክ ቁጥርዎ በላይ እናወርደዋለን» ብዬ ተስማማን። አዲሱ መስመር ይሄ ሆነ፦

«የቢቸና ነጭ ጤፍ ዛሬ ገብቷል። ማርቆስ ቤት ድረስ እናመጣለን።»

እቃው ቀደመ፣ ከዚያ አዲስ የሆነው ነገር፣ ከዚያ ለማን እንደሚሆን። ዋጋው ሁለተኛው መስመር ላይ ገባ። ኮሜንቱም ተለወጠ፤ «ስንት ነው» ቀርቶ «ግማሽ ኩንታል ይሸጣሉ?» መጣ። ይሄ የገዢ ጥያቄ ነው። («ዋጋ በኢንቦክስ» ለምትሉት ግን መድኃኒት የለኝም።)

ተጠንቀቁ፦ ሰላምታውን አውጥታችሁ «ድርጅታችን» ብላችሁ ከጀመራችሁ ምንም አላስተካከላችሁም።

ግሱ ተቆርጦ ቀርቷል

ይሄኛው የቢሮ ማስታወቂያ በሽታ ነው።

«በከተማችን ቀበሌ 03 እና በአካባቢው ለምትገኙ ውድ ደንበኞቻችን በሙሉ፣ ከመስመር ጥገና ጋር በተያያዘ ከነገ ጠዋት ጀምሮ መብራት...»

መብራት ምን? ይጠፋል ወይስ ይመለሳል? በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፣ ስለዚህ አረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ዋናው ወሬ ከተቆረጠው በታች ይወርዳል። ማሳጠር ብቻም አይበቃም፤ መጀመሪያ ግሱ ላይ የሚደርስ አንድ ትንሽ አረፍተ ነገር ዝጉ። «ነገ ቀበሌ 03 መብራት የለም።» አራት ነጥብ። ምክንያቱ፣ ሰዓቱና ይቅርታው ከዚያ በታች ይምጣ። ሰው የራሱን ሰፈር ስም ካየ ቀሪውን ይከፍተዋል፣ ያልከፈተውም ሻማ ይገዛል።

«ጉድ በሉ! ያልተጠበቀው ሆነ!»

አንዴ ይከፈታል። ውስጡ ባዶ ከሆነ ሁለተኛ አይከፈትም። ፌስቡክም በ2016 ዋናውን መረጃ ሆን ብለው የሚደብቁ ርዕሶችን ወደ ታች እንደሚያወርድ አስታውቋል። መስመሩ ላይ አንድ እውነተኛ ነገር ስጡ፣ ዝርዝሩን አስቀሩ። «የጤፍ ዋጋ ጉድ ሆነ» ሳይሆን «የጤፍ ዋጋ ከባለፈው ሳምንት ቀንሷል፤ ምክንያቱ ይሄ ነው» በሉ። ቀንሶ ከሆነ ነው ታዲያ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦ ረጅም ሊንክ መጀመሪያ ላይ ተለጥፎ ቦታውን ሲሞላው፤ ወደ ታች አውርዱት። የእሳት ኢሞጂ ሙሉ መስመር ሲይዝ፤ አጥፉት። ከርዕሱ በኋላ ባዶ መስመር መደራረብ፤ ባዶውም እንደ መስመር ይቆጠራል።

ከመልቀቃችሁ በፊት

ቴሌግራም ላይ ፖስቱን ወደ Saved Messages ላኩትና ወጥታችሁ ከዝርዝሩ ላይ ብቻ አንብቡት። ፌስቡክ ላይ በ Only me ለጥፉትና የቆረጠበትን ቦታ እዩ። ኮምፒውተር ላይ አትፈትሹ፣ ሰዉ ያለው ስልክ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ባለው በትንሹ ስልክ ፈትሹት። ቴሌግራም ላይ ከለቀቃችሁ በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን እርማቱ አዲስ ማሳወቂያ አይልክም። ስልኩ ድምፅ ሲያሰማ ያየው ሰው ያየው የመጀመሪያውን ነው።