"አልመጣም አለ"፦ ያልመጣው ማነው? ኢ-ቀጥተኛ ንግግር ላይ ማርክ የሚያስቆርጡ ስህተቶች

አብዛኛው ተማሪ የ እና የሚ ያለባቸውን ሐረጎች ለብቻ፣ ቀጥተኛና ኢ-ቀጥተኛ ንግግርን ደግሞ ለብቻ ነው የሚያጠናው። ግን እኮ እንደሚመጣ የሚለውን ፈታ አድርጋችሁ ብታዩት እንደ + የሚመጣ ነው፣ የ ብቻ ናት መሃል ላይ የወደቀችው። እንዳልመጣም ያው ነው፣ እንደ + ያልመጣ። ስለዚህ አንዱ ላይ የምትሠሩት ስህተት ሌላው ላይም ተከትሏችሁ ይመጣል።

የመጀመሪያው የግሱን ጭራ ሳይቆርጡ መተው ነው። "የሚመጣል ልጅ" የሚል ሰው የለም፣ አል እንደሚወድቅ ጆሯችን ያውቀዋል። አሉታዊው ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ "ያልመጣም ተማሪ" ተብሎ ይጻፋል። የአልመጣም ም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋ ግስ ላይ ብቻ ነው የምትቀመጠው፣ የ ከገባ ትወጣለች፦ ያልመጣ ተማሪ፣ እንዳልመጣ ነገረኝ። ("እንዳልመጣም ነገረኝ" ትክክል የሚሆንበት ቦታ አለ፣ ግን ያቺ ም "ይሄንንም ጨምሮ ነገረኝ" ለማለት የገባች ሌላ ም ናት።)

ሁለተኛው ቶሎ ያልቃል። ለ፣ ከ፣ በ፣ ስለ ከፊት ሲመጡ የ ትጠፋለች፣ "ለየመጣው ልጅ" ሳይሆን ለመጣው ልጅ ነው። ው እና ን ደግሞ ስሙ ላይ ሳይሆን ግሱ ላይ ነው የሚለጠፉት፦ "የመጣ ልጁን" አይባልም፣ የመጣውን ልጅ ነው።

አሁን ዋናው ጋ እንምጣ። ፈተና ላይ "ዳዊት አልመጣም አለ" ተብሎ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ቢሰጣችሁና ወደ ኢ-ቀጥተኛ ቀይሩ ብትባሉ ምን ትጽፋላችሁ? ጣ ላልታ ከተነበበች ዳዊት ስለራሱ ነው የሚያወራው፣ ወደፊት መምጣት አልፈለገም፣ መልሱ እንደማይመጣ ተናገረ ነው። ጣ ጠብቃ ከተነበበች ግን ሌላ ሰው ነው የቀረው፣ ዳዊት ወሬውን ብቻ ነው የነገረን፣ መልሱ እንዳልመጣ ተናገረ ይሆናል። ስናወራ ችግር የለም፣ ወረቀት ላይ ግን ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱም አንድ ናቸው። አልበላም እና አልሰማም ላይም ይሄው ነው፣ መጨረሻቸው ራብዕ ስለሆነ። ሄደ ላይ ግን አይደርስም፣ አልሄድም እና አልሄደም በፊደልም ይለያሉ። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ፣ ስለ ሌላ ሰው እየተወራ ነው ወይስ ዳዊት ተጠይቆ እየመለሰ ነው?

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የእንደ እና የእንድ መምታታት ነው። "ና" አለኝ የሚለው ትእዛዝ ስለሆነ እንድመጣ ነገረኝ ነው የሚሆነው። "እንደምመጣ ነገረኝ" ካላችሁ ትእዛዙ ጠፋ፣ ሰውዬው መምጣቴን እንደ ወሬ ነው የነገረኝ። የሚገርመው አሉታዊው ነው፦ "አትምጣ" አለኝ ሲቀየር እንዳልመጣ ነገረኝ ይሆናል፣ ከላይ "እሱ አልመጣም" የሚለውም ሲቀየር እንዳልመጣ ነበር! እዚህም ላልቶ ከሆነ እኔ ነኝ የተከለከልኩት፣ ጠብቆ ከሆነ እሱ ነው የቀረው።

የመጨረሻው የመጨረሻውን ግስ ብቻ ቀይሮ መሃል ያለውን መርሳት ነው። ይሄን እዩት፦

አልማዝ ዳዊትን "ያዋስከኝን መጽሐፍ ነገ አልመልስልህም" አለችው።

ብዙ ሰው "ያዋስከኝን መጽሐፍ በማግስቱ እንደማትመልስለት ነገረችው" ብሎ ይጨርሳል። አልመልስልህም በትክክል ተቀይሯል፣ እኔ የነበረው እሷ ሆኗል፣ ልህ የነበረው ለት ሆኗል፣ ም ወድቃለች። ያዋስከኝ ግን እንዳለ ቀርቷል፣ አሁን ሲነበብ መጽሐፉን ያዋሰው አንባቢው፣ የተዋሰው ደግሞ ጸሐፊው ነው የሚመስለው። እሱ ውስጥም ሁለት ሰዎች አሉ፣ ከ ያዋሰው ናት፣ ኝ የተዋሰችው ናት፣ ሁለቱም መቀየር አለባቸው፦ ያዋሳትን መጽሐፍ በማግስቱ እንደማትመልስለት ነገረችው። ን ከግሱ ላይ አልወረደችም፣ ልብ በሉ። ነገ ወደ በማግስቱ የሚቀየረው ቀኑ ካለፈ በኋላ ሲተረክ ነው፣ በዚያው ቀን የሚወራ ከሆነ ነገ እንዳለ ይቀመጣል።

እንግሊዝኛ ላይ ዊል ወደ ዉድ ስለሚቀየር እዚህም ነበር ጨምሮ "እንደማትመልስለት ነበር ነገረችው" የሚል አለ። አማርኛ ይሄን አይፈልግም፣ ነገረችው ራሱ ያለፈ ጊዜ ነው፣ እንደማትመልስለት ደግሞ ከዚያ ንግግር በኋላ የሚመጣውን ነው የሚያሳየው።