የመደብ ስምዎ ከግቢው ውጭ ካልታወቀ፦ ሲቪ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ለቅጥር የሚገቡ ማመልከቻዎችን አነባለሁ። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ከባድ ኃላፊነት የተሸከመ ሰው በመደቡ ስም ተሸፍኖ ሲቀር ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለመደቦቹ የራሱ መጠሪያ አለው፤ ግቢው ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ከበሩ ውጭ ግን የሚገባው የለም።

ስሙን ጽፎ ማለፍ

ኮምቦልቻ ከሚገኝ አንድ የልብስ ፋብሪካ የመጣች ልጅ ሲቪዋ ላይ «ኮኦርዲኔተር ሲ» ብላ ጽፋ ነበር። ያመለከተችው ደሴ ላለ የዕቃ ማከፋፈያ መጋዘን ነው። ምን ትሠሪ ነበር ስትባል «ኳሊቲ ላይ ነበርኩ» አለች። ጠያቂዎቹ ወደ ሌላ ጥያቄ ሊሻገሩ ሲሉ እኔ ጣልቃ ገባሁ።

«እቴ፣ አንቺ አንድ ቀን ብትቀሪ ምን ይቆማል?»

«ካርቶን አይወጣም። እኔ ካልፈረምኩ መኪናው አይጫንም።»

ሥራዋ ይሄው ነበር! ስንጠይቃት ዝርዝሩ ተከተለ። 3,000 ሸሚዝ ታሽጎ ለጭነት ሲዘጋጅ፣ ኤኪውኤል 2.5 በሚባለው የሚፈቀደውን ጉድለት በሚወስነው መለኪያና በተለመደው የፍተሻ ደረጃ 125 ሸሚዝ ከተለያዩ ካርቶኖች በዕጣ ይወጣል። ጉልህ ጉድለት ያለባቸው እስከ 7 ከሆኑ ጭነቱ ያልፋል፤ 8 ከደረሱ ግን 3,000ውም ተመልሶ አንድ በአንድ ይለቀማል። ይህን ማለት ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ኮንቴይነር ማስቆም ነው፤ የምርት ክፍሉ ኃላፊ ደግሞ «አሳልፊው» እያለ አጠገቧ ይቆማል። ጭነቱን የማስቆሙ ውሳኔ የእሷ ነበር።

እንዲህ ብላ እንድትጽፍ አደረግን፦

«ኮኦርዲኔተር ሲ። ወደ ውጭ የሚላክ ልብስ ከመጫኑ በፊት የመጨረሻውን የጥራት ፍተሻ እመራ ነበር። በናሙናው የተገኘው ጉድለት ከተፈቀደው ካለፈ ጭነቱን አስቁሜ በሙሉ እንዲለቀም አዝዛለሁ። ስድስት ፈታሾች በሥሬ ነበሩ። ውሳኔዬን መሻር የሚችለው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነበር።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉት። የሥልጣንን ድንበር የሚናገር ሰው ሲታመን አይቻለሁ።

የሥራ መዘርዝሩን መገልበጥ

ይህኛው በጣም ያናድደኛል። ከሰው ኃይል ክፍል የተሰጠውን ወረቀት አምጥቶ «ያቅዳል፣ ያስተባብራል፣ ይከታተላል፣ ሪፖርት ያቀርባል» ብሎ መደርደር፤ መጨረሻው ላይም «ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡትን ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች ያከናውናል» ብሎ መዝጋት። ወገኖቼ፣ ይህ ወረቀት መደቡን ለመክፈትና ደመወዙን ለመመደብ የተጻፈ ነው፤ እናንተ ከመቀጠራችሁ በፊትም ነበረ። የጽዳት አስተባባሪም የፋይናንስ ኃላፊም «ያቅዳል፣ ያስተባብራል» ይባላሉ። ምን ታቅዱ ነበር? የፈረቃ ድልድል ነው ወይስ የዓመት ግዢ? የማንን ሥራ ነው የምትከታተሉት? ሪፖርቱን አንብቦ የሚወስነው ማን ነው? ባለፈው አንድ ልጅ አሥራ አራት ነጥብ ደርድሮ መጣ። የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ቁልፍ የሚይዘውና የጎደለ ሲገኝ የሚጠየቀው እሱ መሆኑን ያወቅነው በቃል ስንጠይቀው ነው። ከአሥራ አራቱ አንዱም ይህን አይናገርም!

ዝርዝሩን ጣሉትና ሦስት ነገር መልሱ፦ ማንንም ሳልጠይቅ ምን እወስን ነበር? በእጄ ያለው ሰው፣ ገንዘብ ወይም ንብረት ምን ያህል ነው? ስሳሳት ማን ይጎዳል? ከዚያ ፋብሪካ ገብቶ ለማያውቅ ዘመድ አንብቡለትና ሥራችሁን መልሶ ይንገራችሁ። የሚስተው ቦታ ላይ ነው መጻፍ ያለባችሁ።

ለራስ አዲስ ስም ማውጣት

«ኮኦርዲኔተር ሲ» አይገባቸውም ብሎ «የጥራት ማናጀር» ብሎ መጻፍ አደገኛ ነው። ቀጣሪው ከልምድ ደብዳቤው ጋር ያስተያየዋል፤ ወይ ወደ ፋብሪካው ይደውላል፣ እዚያም «እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም» ይባላል። እውነተኛ ሥራ የሠራ ሰው እንደ አጭበርባሪ ይቆጠራል። ስሙ ደብዳቤው ላይ እንዳለ ይቀመጥ፣ ማብራሪያው ከሥሩ ይምጣ።

«ተሳትፌአለሁ» ማለት

ይሉኝታ ነው፣ ይገባኛል። ግን የፈረማችሁ እናንተ ከሆናችሁ «ፈርሜአለሁ» በሉ።

ደብዳቤውን ሳያነቡ መቀበል

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12፣ ሠራተኛው ሲለቅም ሆነ በማንኛውም ጊዜ ሲጠይቅ፣ አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነፃ እንዲሰጥ ያዝዛል። ስለዚህ ገና ሥራ ላይ እያላችሁ፣ የሚያውቃችሁ ኃላፊ ሳይለቅ ጠይቁ። «ኮኦርዲኔተር ሲ» ብቻ ተጽፎ ከመጣ፣ ከጎኑ «የመጨረሻ ጥራት ፍተሻ» የሚል እንዲጨመርላችሁ በማመልከቻ አሳስቡ።