ከላካችሁት መልእክት ይልቅ የመጣላችሁን መልስ አንብቡ

ሐዋሳ ባለ አንድ መጋዘን ስሠራ ለአዲስ አበባው አለቃዬ እንዲህ ጽፌ ነበር፦ «እንደሚታወቀው ባለፈው ሳምንት የገባው ዕቃ ተቆጥሮ ያለቀ በመሆኑና መኪናውም አርብ የሚነሳ ስለሆነ…»። መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። «እና ምን ላድርግልህ?»

በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «በመሆኑ»ና «ስለሆነ» ሲደራረቡ አንባቢው ጥያቄያችሁ ጋ ሳይደርስ ይደክማል። አሁን ቢሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ። 40 ካርቶን ከመጋዘን እንዲወጣ እስከ ሐሙስ ይፈቀድልን። ካልተፈቀደ የአርቡ መኪና ባዶውን ይሄዳል።»

እንዲህ መጻፍ የሚለመድበት ልምምድ በሳምንት 15 ደቂቃ ነው። ከላካችሁት ውስጥ መልሶ ጥያቄ ያመጣባችሁን አንድ መልእክት ምረጡ። የተጠየቃችሁትን ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ ያ ጥያቄ እንዳይነሳ አድርጋችሁ መልእክቱን እንደገና ጻፉት። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ግለጡ። አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። የእኔ «መቼ?» ነበር፤ ቀን መጻፍ እረሳ ነበር።

ጥቅሙ የሚጠራቀመው እዚህ ጋ ነው። ግልጽ መልእክት ሳይነካ ወደ በላይ አለቃ ይተላለፋል። አይተዋችሁ የማያውቁ ሰዎች በጽሑፋችሁ ያውቋችኋል፤ ቀጣዩን ጥያቄያችሁንም ቶሎ ይከፍቱታል። ጥሩ የወጣላችሁን አስቀምጡት፣ ለሚቀጥለው መነሻ ይሆናል።

ቅሬታና መጥፎ ዜና ላይ ግን ይህን አጭር አጻጻፍ አትጠቀሙ። በተለይ ለታላቅ ሰው መጀመሪያ ደውሉ፤ ጽሑፉ የተነጋገራችሁትን ለማስታወስ ይከተል።