አስተርጓሚዋ ዝም ስትል

አምና ከኮምቦልቻ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሜሪላንድ ለተሰበሰቡ ወሎዬዎች በቪዲዮ ንግግር አደረጉ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው አማርኛ ይሰማል። እዚያ የተወለዱት ልጆች ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያውቁት። አንዲት ወጣት ማይክ ይዛ እዚያው ታስተረጉማለች። ንግግሩ ልብ የሚነካ ነበር፤ ትርጉሙ ግን ተንጠባጠበ።

ዘንድሮ መምህሩ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በአካል ሊሄዱ ነው። ደሴ ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን የአምናውን ቅጂ ደጋግመን ሰማነው። ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። ከአስተርጓሚዋ አፍ የሚወጣውን ከሰማችሁ በሽታው የት እንዳለ ይነግራችኋል።

ዝም ትልና ከዚያ ትሮጣለች

ጋሼ እንዲህ ብለው ነበር፦ «በክረምቱ የዝናቡ ብዛት የትምህርት ቤታችንን ጣሪያ ካፈረሰው በኋላ ልጆቻችን ዛፍ ስር ሆነው እንዲማሩ የተገደዱ ቢሆንም እናንተ የላካችሁት ገንዘብ ለቆርቆሮው ብቻ ሳይሆን ለሠራተኛም ጭምር የሚበቃ ሆኖ ስላገኘነው አንድም ልጅ ትምህርቱን አላቋረጠም።»

እኛ ለምደነዋል፤ ይጥመናል። ልጅቷ ግን ጣሪያውን፣ ዛፉን፣ ቆርቆሮውን ሁሉ በጭንቅላቷ ተሸክማ ማሰሪያውን ትጠብቃለች። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ደግሞ ባለቤቱን ካስቀደመ በኋላ ወዲያው ግሱን ይፈልጋል። ግሱ እስኪመጣ አፏን መክፈት አትችልም። ሲመጣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ልታፈስ ትሞክራለች፤ መሃሉ ይጠፋል። በቅጂው ላይ ሠራተኛው ጨርሶ አልተተረጎመም።

መፍትሄው ለአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ግስ መስጠት ነው። ያንኑ ነገር እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦

«ክረምቱ ላይ ዝናቡ በረታ። የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ፈረሰ። ልጆቻችን ዛፍ ስር ተማሩ።»
(ቆም)
«ከዚያ እናንተ ገንዘብ ላካችሁ። ቆርቆሮ ገዛንበት። ለሠራተኛም ከፈልንበት።»
(ቆም)
«አንድም ልጅ ትምህርቱን አላቋረጠም።»
(ቆም)

ጋሼ መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄማ የሁለተኛ ክፍል ንባብ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከመጠን በላይ ከተቆራረጠ ቴሌግራም ይሆናል። ማያያዣውን ማጥፋት ግን አያስፈልግም። ቦታውን መቀየር ነው። «ቢሆንም» እና «ስላገኘነው» ከኋላ ተለጥፈው ይመጣሉ። «ግን»፣ «ስለዚህ»፣ «ከዚያ» ደግሞ አዲሱን ዓረፍተ ነገር ይከፍታሉ። ልጅቷ «ግን» ስትሰማ ነገሩ ሊዞር እንደሆነ ታውቃለች።

ያሳመናቸው ግን የሰዋስው ትምህርቴ አይደለም። ምርቃት ነው። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲመርቅ ስሙት። «ዝናቡን በጊዜው ያምጣው።» አሚን! «ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃቸው።» አሚን! አንድ ሐሳብ፣ አንድ ግስ፣ ከዚያ ክፍተት። «ጋሼ፣ አሚን የሚባልበት ቦታ የአስተርጓሚዋ ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ራሳቸው መቆራረጥ ጀመሩ።

ቆመውላትም ዝም ትላለች

ይሄኛው አጭር ተናገሩ ከተባለ በኋላ የሚመጣ ችግር ነው። ጋሼ በልምምድ ላይ «የኮምቦልቻ ልጆች…» ብለው ቆሙ። ልጅቷን ወክሎ የተቀመጠውን የእህቴን ልጅ ያያሉ። እሱ ደግሞ እሳቸውን ያያል። ልጆቹ ምን ሆኑ? ግስ የለም። እንዲህ ያለው ስብርባሪ ከረጅሙ ይብሳል። የሚቆመው ግሱ ላይ ነው። ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች አልፎ አንድ ቆምታ በቂ ነው። ወረቀቱ ላይ የቆምታውን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርንበት፤ መድረክ ላይ ዓይን የሚያገኘው ቀዩን ነው።

«ይቅርታ፣ ማለቴ…» ትላለች

ገምታ ቀድማለች ማለት ነው። አምና ጋሼ «ገንዘብ ብቻ ፈልገው ይደውላሉ ብላችሁ እንድታስቡ አንፈልግም» አሉ። ልጅቷ «እንድታስቡ» ላይ ስትደርስ ልመና መስሏት «እንድታስቡ እንፈልጋለን» ብላ ጀመረች። «አንፈልግም» ሲመጣ አዳራሹ ቀድሞ ሰምቷል። አፍራሹ ቃል መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ እንዲህ ያለውን ነገር በቀጥታ መናገር ይሻላል፦ «የምንደውለው ናፍቃችሁንም ነው።»

«እሱ ነው እሷ?» ብላ ትጠይቃለች

አክብሮታችን ጾታ አይለይም። ጋሼ ለማኅበሩ ብዙ የሠሩ አንዲት እናት ስም አነሱና ከዚያ «አምና አረፉ» አሉ። «እሳቸው» ወንድም ሴትም ነው። «አረፉ» ብቻውን ደግሞ ብዙ ሰውም ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው ግን ምርጫ ይፈልጋል፤ ሴትዮዋን የማታውቅ ልጅ ደግሞ ትሳሳታለች። ለቅሶ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ያሳፍራል። «እናታችን አምና ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን» ማለት ይሻላል። ስሙ ላይ አባታችን፣ እህታችን፣ ወንድማችን የሚል ቃል አይጥፋ።

ሰው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይፋጠጣል

ጋሼ ቀልድ ይወዳሉ። «አቦሉን አምና ጠጣን፣ ዘንድሮ በረካው ላይ ነን» ሲሉ አማርኛ ሰሚው ሳቀ። ልጅቷ «ሦስተኛው ቡና ላይ ነን» አለች። ልጆቹ ቡና የሚፈላ መስሏቸው ዞር ዞር አሉ። ሰምና ወርቅ በአንድ አፍ በአንድ ጊዜ አይተረጎምም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ዓይነቱ ምሳሌ ግን ችግር የለውም፤ ስዕል ስለሆነ እንዳለ ይሻገራል። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲይዝ ነው ጣጣው። ቀልዱን መጣል ስላልፈለጉ ፈታ አደረግነው፦ «የመጨረሻው ስኒ በረካ ይባላል። በረከት ማለት ነው። ዛሬ የምንጠጣው እሱን ነው።» ሳቁ ይቀንሳል፤ አውቃለሁ። ግን ሁሉም አንድ ላይ ፈገግ ይላል።

ዓመተ ምህረትና ሰዓት ላይ ብዙ አልቆይም። «በ2014 ዓ.ም.» ከተባለ አስተርጓሚዋ መድረክ ላይ ሰባት ወይ ስምንት ስትደምር ትቆማለች። በፈረንጁ ተሰልቶ ወረቀቷ ላይ ይጻፍላት። «ነገ ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለውንም እዚያ 9 ብላ መጥራት እንዳለባት ይጻፍላት። ብርም ሲጠራ ቁጥሩ ለብቻው ዓረፍተ ነገር ይሁን።

ሌላው ደቂቃው ነው። እየቆሙ ማስተርጎም ጊዜውን እጥፍ ያደርገዋል። ለጋሼ የተሰጣቸው 15 ደቂቃ ነው። እኛ ያዘጋጀነው ሰባት ደቂቃ የማይሞላ ነው። ስልክ ላይ ቀድተን ለካነው፤ መጀመሪያ 11 ሆኖ ስለመጣ የትምህርት ቤቱን ታሪክ ቆረጥነው። ጋሼ ይሄ አሁንም ይቆጫቸዋል።

ወረቀቱን ለልጅቷ በቴሌግራም ላክንላት። በማግስቱ መልሳ ጻፈች፦ «ሦስተኛው ገጽ ላይ እሳቸው የተባሉት ወንድ ናቸው ሴት?»

አንድ አምልጦን ነበር። አስተካከልነው።