የጨረታ ማስታወቂያን ወደ «እንግባ ወይስ እንተው» ሰንጠረዥ መቀየር

አንድ ትንሽ ድርጅት 60 ወንበርና 40 ጠረጴዛ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ያወጣውን ማስታወቂያ ጋዜጣ ላይ አየ እንበል። «በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ ያላቸው» የሚለው አንድ ሐረግ ብቻ ሁለት ጥያቄ ይዟል፤ ፈቃዱ ለዚህ ዓመት ታድሷል? ዘርፉስ ፈርኒቸር ነው? ብዙዎች የመጀመሪያውን አይተው ሁለተኛውን ይዘላሉ። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ፈቃድ ይዞ ለጠረጴዛ መወዳደር ግን ዋጋ ሳይታይ ያስወድቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስታወቂያውን በጥያቄ ሰባብሩት። በየጥያቄው ፊት የሚቀርበውን ማስረጃ፣ ማስረጃው የሚያበቃበትን ቀን እና መልሱን ጻፉ። መልሱ ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ «አለን»፣ «እስከ መዝጊያው ይደርሳል»፣ «አይደርስም»። ከግዴታዎቹ በአንዱ ላይ እንኳ «አይደርስም» ከመጣ ሥራው እዚያ ይቆማል።

«ይደርሳል» ለማለት ቀኑን በትክክል መቁጠር ያስፈልጋል። ማስታወቂያው ጥር 3 ወጥቶ «ለ15 ተከታታይ ቀናት» ካለ፣ የወጣበት ቀን ከተቆጠረ መዝጊያው ጥር 17፣ ካልተቆጠረ ጥር 18 ነው። መሥሪያ ቤቱን ጠይቃችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ ጥር 17ን ያዙ። ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ ቢሮም ባንክም ዝግ ነው፤ የግብር ክሊራንስ ገና ያልጠየቀ ሰው ይህን ቀንና ቅዳሜ እሑድን ቀንሶ ያስላ።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ባቀረባችሁት ዋጋ እንደምትጸኑ መያዣ የሚሆነው የጨረታ ማስከበሪያ ነው። የጨረታ ሰነዱ ዋጋው ለ60 ቀን እንዲጸና፣ ማስከበሪያው ደግሞ ከዚያ በኋላ 28 ቀን እንዲቆይ ከጠየቀ ድምሩ 88 ቀን ይሆናል። ቆጠራው የሚጀምረው ግን ከጨረታው መዝጊያ ነው። ባንኩ ዋስትናውን ሦስት ቀን ቀድሞ ለ88 ቀን ከጻፈው መጨረሻ ላይ ሦስት ቀን ያንሳል። ይህ እንዳይሆን በዋስትናው ላይ የቀናቱን ብዛት ሳይሆን የሚያበቃበትን ዕለት አስጽፉ። «በሁኔታ ላይ ያልተመሠረተ» ከተባለ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የኢንሹራንስ ዋስትና አይተካውም። ለአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ካደራጃቸው አካል የሚጻፍ ደብዳቤ በማስከበሪያው ምትክ የሚሠራው ሰነዱ ከፈቀደ ነው።

አሻሚ ነጥብ ካለ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቁ፤ የስልክ መልስ ጨረታው ሲከፈት አይጠቀስም።

በመጨረሻ የገንዘብ ረድፍ ጨምሩ። ዋጋችሁ 1,500,000 ብር፣ ማስከበሪያው 30,000 ብር ሲፒኦ ቢሆን፣ ይህ ገንዘብ ውጤቱ እስኪታወቅ ይታሰራል። ካሸነፋችሁ 10 በመቶ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ማለትም 150,000 ብር ትጠየቁ ይሆናል፤ ክፍያው ከርክክብ በኋላ ከሆነ ደግሞ የዕቃው መግዣም ከእናንተ ነው። በእኛ ምሳሌ ፈቃዱ በዘርፉ ነው፣ ገንዘቡም አለ፤ የቀረው ክሊራንሱ ነው። ጥር 14 ድረስ ካልወጣ፣ የማይመለሰውን የሰነድ ዋጋ ሳትከፍሉ ተዉት።