ፊርማው አለ፣ ገንዘቡ ግን አይወጣም፦ የፊርማ ካርድና የጋራ ሂሳብ ትእዛዝ አነባበብ

ባንክ ቤት መስኮት ላይ ከሚያጋጥሙ ክርክሮች ብዙዎቹ ከአንድ ነገር ይነሳሉ። ሰው ስሙና ፊርማው ባንኩ ናሙና አድርጎ በሚይዘው የፊርማ ካርድ ላይ ካለ ገንዘብ ማውጣት የሚችል ይመስለዋል። የካርዱ ፊርማ ግን የሚናገረው «ይህ ሰው ሲፈርም እንዲህ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ብቻውን ይፈርም ወይስ ከሌላ ጋር የሚለው የአፈራረም ትእዛዙ ላይ ነው ያለው።

ትእዛዙ አብዛኛውን ጊዜ በካርዱ ግርጌ ወይም ጀርባ ላይ ይጻፋል። በሂሳብ መክፈቻ ቅጹ ላይም አለ። ዕድር ወይም ማኅበር ከሆነ ደግሞ ከቃለ ጉባኤው ጋር የገባው ደብዳቤ ይጨመራል። ስትፈትሹ እነዚህን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ነው። ካርዱን ብቻ ማየት አይበቃም።

ምልክት፦ አንዱ ቅርንጫፍ ይከፍላል፣ ሌላው ይመልሳል

ይሄኛው ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነው። ጎንደር፣ አዘዞ ሂሳብ የከፈተ አንድ ዕድርን እንውሰድ። ፈራሚዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ። ለቅሶ ደረሰና ሊቀመንበሩና ጸሐፊው ፈርመው አዘዞ ቅርንጫፍ ሄዱ። መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ፋይሉን አይታ «አባቴ፣ የገንዘብ ያዡ ፊርማ ያስፈልጋል» አለቻቸው። ተናደው ፒያሳ ወዳለው ቅርንጫፍ ወጡ። እዚያ ያለ ምንም ጥያቄ ተከፈላቸው።

ሁለቱ ሰዎች አዘዞ ያለችው ልጅ አጉላላችን ብለው ይደመድማሉ። ትክክለኛዋ ግን እሷ ናት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ዕድሩ ያስገባው ደብዳቤ «ከሦስቱ ሁለቱ ይፈርማሉ፤ ከሁለቱ አንዱ የግድ ገንዘብ ያዡ ይሆናል» ይላል። ካርዱን የሞላው ሠራተኛ ግን አሳጥሮ «ከሦስቱ ሁለቱ» ብቻ ጻፈ። ስካን ተደርጎ ሲስተም ላይ የገባው ካርዱ ነው። ደብዳቤው ሂሳቡ በተከፈተበት ቅርንጫፍ ፋይል ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ፒያሳ ያለው ከፋይ ከስክሪኑ ላይ የሚያየው የትእዛዙን ግማሽ ነው።

ልዩነቱን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ቁጠሩት። በካርዱ መሠረት ሦስት ጥንዶች ያልፋሉ፦ ሊቀመንበርና ጸሐፊ፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ። በደብዳቤው መሠረት ግን የመጀመሪያው ጥንድ ይወድቃል። አባላቱ ተሰብስበው «ያለ ገንዘብ ያዡ ብር አይወጣም» ብለው ወስነው ሳለ፣ ብሩ ያለ እሱ እየወጣ ነው። ዛሬ ለለቅሶ ስለዋለ ቅር የሚለው ላይኖር ይችላል። ነገ ለሌላ ነገር ቢወጣ ግን ዕድሩ መጣላቱ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ከፈራሚዎቹ አንዱ መታወቂያውን ይዞ ሂሳቡ ወደተከፈተበት ቅርንጫፍ ይሂድና ካርዱና ደብዳቤው አብረው እንዲታዩ ይጠይቅ። ልዩነት ከተገኘ በድሮው ካርድ ላይ ቃል አያስጨምር። ኮሚቴው በማህተም ደብዳቤ ይጻፍ፣ ሦስቱም በአዲስ ካርድ ላይ ይፈርሙ፣ ትእዛዙም ሳይቆረጥ ሙሉው ይጻፍ። የድሮው ካርድ «ተሰርዟል» ተብሎበት ከሲስተሙም መነሳት አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ የመጨረሻው ነው። ከዚያ ሌላ ቅርንጫፍ ገብታችሁ «ስክሪኑ ላይ ያለውን የአፈራረም ትእዛዝ አንብቡልኝ» በሉ። ሙሉው ዐረፍተ ነገር ከተነበበ ሥራው አልቋል።

እዚሁ ላይ ሌላ ነገር ይነሳል። ገንዘብ ያዡ ቢታመምስ? ትእዛዙ እንዳለ ከቀጠለ ማንም ማውጣት አይችልም። አንዳንድ ኮሚቴ «በአስቸጋሪ ጊዜ ሁለቱ ይፈርማሉ» ብሎ ይጽፋል። እባካችሁ እንዲህ አትጻፉ። አስቸጋሪው ጊዜ የትኛው እንደሆነ ከፋዩ በምን ያውቃል? አራተኛ ፈራሚ ጨምሩና እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ገንዘብ ያዡ ወይም ምክትሉ፣ ከሊቀመንበሩ ወይም ከጸሐፊው ጋር»። አሁን አራት ጥንድ አለ። አራቱም ውስጥ ከገንዘብ ያዥ ወገን አንድ ሰው አለበት።

ምልክት፦ «ወይም ብለን ነው የከፈትነው» ትላላችሁ፣ ባንኩ ሁለታችሁም ኑ ይላል

አራዳ ገበያ አብረው የሚነግዱ ሁለት ሰዎችን አስቡ። በሰሊጥ ወቅት አንዱ መተማ ይወርዳል። ጎንደር የቀረው ዕቃ ለማስመጣት ብር ሊያወጣ ይሄዳል፣ አይሰጡትም።

በመጀመሪያ ቅጹን አስወጡና እዩ። ታትሞ የመጣ «እና/ወይም» ካለበት አንዱ መሰረዝ ነበረበት። ሳይሰረዝ ከቀረ ትእዛዙ አልታወቀም ማለት ነው። ጠንቃቃ ባንክ ደግሞ ትእዛዝ ሲምታታበት ወይም ቦታው ባዶ ሲሆን የሁሉንም ፊርማ ይጠይቃል። አንዳንዴም ቅጹ «ወይም» ብሎ ካርዱ «በጋራ» ይላል። ያኔም የሚደረገው ያው ነው።

ሁለቱም አብረው ቀርበው፣ ፈርመው ያስተካክሉት። አንደኛው ብቻውን ሄዶ ማስለወጥ አይችልም። ይሄ «ወይም» በሆነ ሂሳብም ይሠራል፦ ብቻውን ብር የሚያወጣ ሰው ትእዛዙን ብቻውን አይቀይርም፣ ሌላውንም ፈራሚ ብቻውን አያስወጣም።

መተማ ያለው መምጣት ካልቻለ ሰው ወዲያው ውክልና ያስባል። ውክልናው በሚመለከተው የመንግሥት አካል የተረጋገጠ መሆን አለበት። ከዚህ ባንክ፣ ከዚህ ሂሳብ ገንዘብ ማውጣትን በግልጽ መጥቀስም አለበት። «ማናቸውንም ጉዳዬን ይፈጽምልኝ» የሚል ጥቅል ቃል ያስመልሳችኋል። ሂሳቡ በእርግጥ «በጋራ» ከሆነ ደግሞ ውክልናውን ለዚያው ለሸሪካችሁ አትስጡ። ያኔ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ፈረመ ማለት ነው። ሁለት ፊርማ የተጠየቀው አንዱ ሌላውን እንዲያይ ስለነበር ባንኩ ላይቀበለው ይችላል። ቢቀበልም ጥበቃው ቀርቷል። ለሦስተኛ የምታምኑት ሰው ስጡ፤ በሸሪካችሁ ሙሉ በሙሉ የምትተማመኑ ከሆነም ትእዛዙን በግልጽ ወደ «ወይም» አስቀይሩት።

«ወይም» ከማለታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እወቁ። ትእዛዙ ማን እንደሚፈርም እንጂ ብሩ የማን እንደሆነ አይወስንም። አንዱ ሁሉንም አውጥቶ ቢሄድ ባንኩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። ድርሻዬ ይመለስ የሚለው ጥያቄ ከሸሪክ ጋር የሚታይ ነው። አንዱ ቢሞትም ባንኩ ሞቱን ሲያውቅ እንደ ወትሮው አይከፍልም፤ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይጠይቃል።

ምልክት፦ ፈራሚዎቹ ሁሉ ፈርመዋል፣ «አይመሳሰልም» ተብሎ ይመለሳል

ይሄ ቀላል ነው። ካርዱ ከቆየ የሰው እጅ ይለወጣል፣ በተለይ የሽማግሌዎች። መታወቂያ ይዛችሁ በአካል ቀርባችሁ አዲስ ናሙና ስጡ። በጣት አሻራ የሚፈርሙ ካሉ ባንኩን የራሱን አሠራር ጠይቁት። ፊርማው ትክክል ሆኖ ከተመለሰ ደግሞ ማህተሙን እዩ። ካርዱ ላይ «ከማህተም ጋር» የሚል ካለ፣ ያለ ማህተም የመጣ ቼክ ፊርማው ሁሉ ቢሟላም አይከፈልም። ማህተም ያስቀየረ ማኅበርም አዲሱን ማህተም ካርዱ ላይ ማሳረፍ አለበት።